መመሪያን በቅደም ተከተሉና በሁኔታው መፈጸም፦ የኦ.አር.ኤስ አዘገጃጀት

ተቅማጥ ሕፃንን የሚጎዳው በዋናነት የሰውነቱን ውኃና ጨው በማሟጠጥ ነው። ይህን የሚተካው ኦ.አር.ኤስ አዘገጃጀቱ በእሽጉ ላይ ተጽፎ ይሰጣል። ይሁን እንጂ መመሪያው ተነብቦ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ወይም አንድ ሁኔታ ከተዘነጋ መድኃኒቱ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ለምእመናን ሲያስረዱ እንዲገለገሉበት መመሪያውን ከነጥያቄዎቹ እናቀርባለን።

መመሪያው

1. እጅንና ዕቃን በሳሙና ማጠብ።
2. እሽጉ ለ1 ሊትር የተዘጋጀ ከሆነ ውኃ አፍልቶ አቀዝቅዞ፣ 1 ሊትር መለካት።
3. ዱቄቱን በሙሉ ጨምሮ እስኪሟሟ ድረስ ማማሰል።
4. ሕፃኑን ባስቀመጠው ቁጥር ማጠጣት፤ ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር።
5. ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ እያሉ መቀጠል።
6. 24 ሰዓት ሲሞላው የተረፈውን መድፋት።

ጥያቄዎች

አንዲት እናት የ18 ወር ልጇ ታሞባታል እንበል። በእጇ ያለው ለ1 ሊትር የተዘጋጀ እሽግና ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ነው።

ዱቄቱን በሙሉ በፕላስቲኩ ውስጥ ብትበጠብጠውስ? ጨውነቱ እጥፍ ስለሚሆን ልጁን ይጎዳዋል። ዱቄቱን በግምት ከፍላ መጠቀምም ትክክለኛ መጠን አይሰጥም። መፍትሔው በፕላስቲኩ ሁለት ጊዜ ለክታ ወደ ሰፊ ዕቃ መገልበጥ ነው።

ማፍላቱን ረስታ ከበጠበጠች በኋላ ብታፈላውስ? ውኃው እየተነነ ጨውነቱ ስለሚጨምር አይገባም። ማፍላት ሁልጊዜ ከመበጥበጥ ይቀድማል።

ልጁ ቢያስመልሰው ማጠጣቷን ታቁም? አታቁም። መመሪያው «10 ደቂቃ ቆይቶ መቀጠል» ይላል እንጂ «መተው» አይልም። መጠኑም እንደ ዕድሜው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የበጠበጠችውን ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ልታጠጣው ትችላለችን? አትችልም። 24 ሰዓቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሞላ ደፍታ ሌላ ታዘጋጃለች። ስለዚህ የበጠበጠችበትን ሰዓት ልብ ማለት ይገባታል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሁኔታም አለ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። መጠጣት የሚችል ከሆነ በመንገድም ኦ.አር.ኤሱን እየተጎነጨ ይሂድ።

በማስተማር ጊዜ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። እናቲቱ «አስቀድሜ ምን አደርጋለሁ? ካስመለሰውስ? መቼ እደፋዋለሁ?» የሚሉትን በራሷ አንደበት መልሳ እንድትነግረን እናድርግ። የሳተችው እርምጃ ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል፤ እዚያው ይታረማል።