«እማዬ» በይኝ ብላት ዝም አለች

ጥያቄ፦ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብቼ ገባሁ። የ12 ዓመት ልጁ ሳዛት አትሰማኝም፤ «እማዬ» በይኝ ብላት ዝም አለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ስም ተዪላት። በስምሽም ሆነ «እትዬ» ብላ ብትጠራሽ ምርጫው የእሷ ይሁን። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ አንቺን መውደድ እናቷን መክዳት ሊመስላት ይችላል፤ ዝምታዋን እንደ ንቀት አትቁጠሪው። የእናቷ ፎቶ ከግድግዳው አይውረድ፤ ሙት ዓመቷም ሲደርስ ድግሱን አብረሽ አዘጋጂ።

ቁጣና ክልከላ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ከአባቷ አፍ ይውጣ። ስልክ ማታ በ3 ሰዓት ይዘጋል ከተባለ፣ ደንቡን እሱ ይንገራት። እሱ በሌለበት ብትጥሰው «አባትሽ ያለውን ታውቂያለሽ» ብለሽ እዚያው አቁሚ፤ ሲመጣ እሱ ይጨርሰው። መቀበሏን የምታውቂው የትምህርት ቤት ወሬዋን ሳትጠየቅ ስትነግርሽ ነው። ይህ ዓመታት ሊወስድ ይችላልና አትቸኩዪ።