የረሱት የክፍያ ትዕዛዝ፦ ምን ይመለሳል፣ ምን አይመለስም?

ጥያቄ፦ ቡልቡላ ውስጥ ሱቅ አለኝ። አዳማ ይማር ለነበረው ልጄ የቤት ኪራይ 1,500 ብር በየወሩ ከሂሳቤ ወደ አከራዩ እንዲተላለፍ ለባንኬ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ሰጥቼ ነበር። ልጄ ሰኔ ላይ ተመርቆ፣ ያለበትን ኪራይ ከፍሎና ቁልፉን መልሶ ቤቱን ለቀቀ፤ እኔ ግን ትዕዛዙን ማቆም ረሳሁ። ከስልኬም በየቀኑ 2 ብር ይቆረጣል። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚቆረጥብዎ ይወቁ። ከባንክዎ የአሥራ ሦስት ወር ስቴትመንት ይጠይቁ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚቆረጥ ክፍያ በሦስት ወር ስቴትመንት ላይ ላይታይ ይችላል፤ በአሥራ ሦስት ወሩ ግን አያመልጥም። ሲያነቡ በገንዘቡ መጠን ብቻ አይፈልጉ፤ መጠኑ ሊጨምር፣ ቀኑም በበዓል ወይም በሂሳብ ማነስ ሊገፋ ይችላል። የተቀባዩን ስም ይከተሉ፤ ያው ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ምልክት ያድርጉበት። የስልኩ 2 ብር ግን ከአየር ሰዓት ስለሚቆረጥ ስቴትመንቱ ላይ አይገኝም። እሱን ከቴሌኮም ድርጅቱ ለይተው ይጠይቁ።

ከዚያ በዓመት ያባዙ። የየቀኑን በ365፣ የሳምንቱን በ52፣ የወሩን በ12። የባንኩ ወር የፈረንጆቹ ስለሆነ ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር አድርገው አይቁጠሩ። ኪራዩ 18,000፣ የስልኩ አገልግሎት 730 ብር ይመጣል። በዚሁ ስቴትመንት በወር 100 ብር የዕድር መዋጮም ይከፈላል እንበል፤ እሱ 1,200 ነው። ድምሩ 19,930 ብር ሲሆን ዕድሩን ስለሚፈልጉት ይቀነሳል። ሳይፈልጉት በዓመት የሚወጣው 18,730 ብር ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ባንኩ የከፈለው እርስዎ ባዘዙት መሠረት ነው። ስለረሱ ብቻ ባንኩ አይጠየቅም፤ ጥያቄዎን ማቅረብ ያለብዎ ለአከራዩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 የማይገባውን ዕዳ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። ክፍያው እስከ ፌብሩዋሪ ቀጥሏል እንበል፤ ኪራዩ አብቅቶ ሳለ ከጁላይ ጀምሮ ለስምንት ወር የተላለፈው 12,000 ብር በዚህ ሥር ይወድቃል። ቤቱ የተለቀቀበትን ቀን የሚያሳይ ሰነድ ወይም ምስክር ያዘጋጁ። አከራዩ አልመልስም ካለ ክሱ በመርሕ ደረጃ እሱ በሚኖርበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታዎን በዚያው ያዘጋጁ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ያው ሕግ ዕዳ እንደሌለበት በሚገባ እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው እንዳይመለስለት ይከለክላል። የረሳ ሰው አላወቀም ብሎ መከራከር ይቻላል። ስቴትመንቱን አይተው ካወቁ በኋላ ግን ትዕዛዙን ሳያቆሙ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ክርክርዎን ያዳክማል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ትዕዛዙን ይሻሩ። ወካይ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር እንደሚችል በአንቀጽ 2226 ተደንግጓል፤ ባንኩም በዚህ ረገድ እንደ ወኪልዎ ነው። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ። የሂሳብ ቁጥርዎን፣ የተቀባዩን ስም፣ መጠኑንና «ከዛሬ ጀምሮ ይቁም» የሚለውን ያስፍሩ። አንደኛውን ቅጂ ቀንና ማኅተም አስደርገው ያስቀሩ። ከዚያ በኋላ ባንኩ ቢቆርጥ ኃላፊው ባንኩ ነው። ካልመለሰ በመጀመሪያ ለባንኩ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ለብሔራዊ ባንክ ያመልክቱ። ነገር ግን የባንክ ትዕዛዝ መሻር ውልን አያፈርስም፤ ልጅዎ ቤቱን አሁንም ተከራይቶ ቢሆን ኖሮ ዕዳው በቀጠለ ነበር።

የስልኩ ጉዳይ በፈቃድዎ ላይ ይወሰናል። «ካልፈለጉ ይመልሱ» የሚል መልእክት መጥቶ እርስዎ ዝም ቢሉ፣ በአንቀጽ 1682 መሠረት ዝምታ ስምምነት አይደለም፤ የተቆረጠውን መጠየቅ ይችላሉ። በራስዎ እጅ «እሺ» ብለው ከላኩ ግን ተስማምተዋል፤ ማቆም ይችላሉ፣ ያለፈውን ማስመለስ ግን አስቸጋሪ ነው። መልእክቱ ወደመጣበት አጭር ቁጥር STOP ብለው ይላኩ፤ የማረጋገጫውን መልእክት አያጥፉ። ለድርጅቱም «መቼና በምን መንገድ ተመዘገብኩ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት ይበሉ።

ደብዳቤው ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሚቀጥለውን ወር ስቴትመንት አውጥተው ይመልከቱ፤ የመቆሙ ማስረጃ እሱ ነው።