ዱፕሊኬት ወይስ ኤክስቴንድ? ከፕሮጀክተር ጋር ስናስተምር



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ለፍሬሽማን ተማሪዎች የሒሳብ ቱቶሪያል እየሰጠሁ ነበር። ሦስተኛውን ጥያቄ ስንጀምር በፕሮጀክተሩ ምስል የታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ የቴሌግራም መልእክት ብቅ አለ። የላከው በጀመዓችን የሰደቃውን ጉዳይ የሚከታተል ወንድም ነው። የአንዲት እህት ስም አለበት፣ ለምን እንደተቸገረች በአንድ መስመር ተጽፏል፣ የብሩም መጠን አለ። ጥቂት ሰከንድ ታይቶ ጠፋ። እህታችን ግን ከክፍሉ መሐል ተቀምጣ ነበር። አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ መጻፍ ቀጠለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም።

ጥፋቱ የላኪው አልነበረም። በአማና የተያዘ ነገር ነበር፣ ግድግዳ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁትም ላፕቶፔ ከፕሮጀክተሩ ጋር በምን መንገድ እንደተገናኘ ሳላይ ስለጀመርኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ቁጭ ብዬ አጥንቼዋለሁ። በጀመዓችን ቱቶሪያል የምትሰጡ፣ በዲፓርትመንት ፕሬዘንቴሽን የምታቀርቡም ሁሉ ሳትጎዱበት ብታውቁት ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት። የምናገረው አብዛኞቻችን ስለምንጠቀምበት ዊንዶውስ ነው።

ኬብሉን ከሰካችሁ በኋላ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ P ን ስትጫኑ አራት ምርጫዎች ይመጣሉ። የሚያስፈልጉን መካከለኞቹ ሁለቱ ናቸው፣ Duplicate እና Extend። ዱፕሊኬት ማለት ላፕቶፑ ላይ ያለው ነገር እንዳለ ግድግዳው ላይ ይደገማል ማለት ነው። እናንተ የምታዩትን ተማሪው ያያል፣ የምትከፍቱትን ፎልደር፣ የምትጽፉትን ፓስዎርድ፣ የሚመጣላችሁን መልእክት ሳይቀር። ኤክስቴንድ ግን ፕሮጀክተሩን እንደ ሁለተኛ ጠረጴዛ ይቆጥረዋል። ከላፕቶፑ ጎን፣ ብዙ ጊዜ በስተቀኝ፣ ባዶ ጠረጴዛ ይጨመርላችኋል። እዚያ ያስቀመጣችሁት ብቻ ለተማሪው ይታያል፣ ላፕቶፑ ላይ የቀረው የእናንተ ነው።

ብዙዎቻችን ዱፕሊኬትን የምንመርጠው አስበንበት አይደለም። ኬብሉን ስንሰካ እሱ ከመጣ ግድግዳው ላይ ምስል እናያለን፣ «ሠራ» ብለን እንጀምራለን። ኤክስቴንድ ሲሆን ግን መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የሚታየው ባዶ ዴስክቶፕ ነው። ፋይላችን የለም። ስለዚህ ተበላሸ ብለን ወደ ዱፕሊኬት እንመልሰዋለን። አልተበላሸም፣ ባዶ ሆኖ መጀመሩ ነው ጥቅሙ።

አሁን ያንኑ የሒሳብ ቱቶሪያል በኤክስቴንድ እንዴት እንደምሰጠው ልንገራችሁ። ስላይዶቹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። መልሱን እና አሠራሩን ከእያንዳንዱ ስላይድ ሥር ባለው የኖት ቦታ ላይ እጽፋለሁ። ክፍል ስገባ ኬብሉን ሰክቼ Extend እመርጣለሁ፣ ፓወርፖይንቱን ከፍቼ F5 እጫናለሁ። Slide Show በሚለው ሜኑ ውስጥ Use Presenter View ምልክት ከተደረገበት ግድግዳው ላይ ስላይዱ ብቻውን ይሞላል። ላፕቶፔ ላይ ግን አሁን ያለው ስላይድ፣ ቀጥሎ የሚመጣው፣ የጻፍኩት ኖት እና ከጀመርኩ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይታየኛል። ይህ ሰዓት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በዐስር እና በመግሪብ መካከል ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት፣ ስድስት ጥያቄ ይዤ ገብቼ አራተኛው ላይ አዛን የሚጠራብኝ ሰዓቱን ስለማላይ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኖቱ ከነመልሱ ግድግዳው ላይ ይወጣና ስላይዱ ላፕቶፑ ላይ ይቀራል። ይህን ላፕቶፑን አይታችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። F5 ከተጫናችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። ከተገለበጠ ኖቱ ባለበት ስክሪን ከላይ Display Settings የሚል አለ፣ እሱን ነክታችሁ Swap Presenter View and Slide Show በሉት። ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ወደ መልእክቱ ልመለስ። ዊንዶውስ ማሳወቂያ የሚያወጣው ዋናው ብሎ በያዘው ስክሪን ላይ ነው። በኤክስቴንድ ዋናው ስክሪን ላፕቶፑ ከሆነ መልእክቱ የሚታየው ለእናንተ ብቻ ነው። ግን «ከሆነ» የምትለዋን አጥብቃችሁ ያዙ። ቀደም ሲል አንድ ሰው ፕሮጀክተሩን ዋና አድርጎት ከነበረ ላፕቶፑ ያንን ሊያስታውስ ይችላል። ለማረጋገጥ Settings ውስጥ System፣ ከዚያ Display ግቡ። 1 እና 2 የተጻፈባቸው ሁለት ሳጥኖች ታያላችሁ። Identify ስትሉ ቁጥሮቹ በየስክሪናቸው ላይ በትልቁ ይታያሉ። የላፕቶፑን ሳጥን ነክታችሁ ከታች Make this my main display የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ካለበትና አልነካ ካላችሁ አስቀድሞም ዋናው እሱ ነው ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ቴሌግራምን አልተማመንበትም። ማሳወቂያውን የትኛው ስክሪን ላይ እንደሚያወጣ የራሱ ሴቲንግ ስላለው፣ ከማስተማሬ በፊት እዘጋዋለሁ። በ X ምልክቱ መዝጋት አይበቃም፣ ከሰዓቱ አጠገብ ተደብቆ መሥራቱን ይቀጥላል። እዚያ ያለችውን ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክቶ Quit Telegram ማለት ነው የሚዘጋው። ላፕቶፓችሁ ላይ የሶላት ሰዓት የሚያሳውቅ ፕሮግራም ካለ ድምፁንም አስቡበት። በ HDMI ኬብል ሲሆን ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ስለሚሄድ አንድ ወንድም በፕሬዘንቴሽኑ መሐል ክፍሉን በሙሉ በአዛን አስደንግጧል። መምህሩ ፈገግ ብለው አሳለፉት፣ አልሐምዱሊላህ።

ኤክስቴንድ ሁልጊዜ ይሻላል እያልኩ ግን አይደለም። በቱቶሪያሉ ሁለተኛ ክፍል የ y = x² − 4 ን ግራፍ በጂኦጀብራ እያንቀሳቀስኩ አሳያለሁ። ይህን በኤክስቴንድ ስሞክር ፕሮግራሙ ያለው ግድግዳው ላይ፣ እጄ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ጀርባዬን ለተማሪው ሰጥቼ፣ የማውዙን ቀስት እየፈለግኩ መሥራት ሆነ። ቀስቷ በላፕቶፑ ቀኝ ጠርዝ አልፋ ስትሄድ ከዓይኔ ትጠፋለች፣ አርባ ተማሪ ፍለጋዬን ይመለከታል። በእጅ እየተሠራ የሚታይ ነገር፣ ግራፍም ሆነ ኤክሴል ወይም ኮድ፣ ለዱፕሊኬት የተገባ ነው። ስለዚህ ስላይዱን ስጨርስ Esc ብዬ እወጣለሁ፣ ላፕቶፑ ላይ የተከፈተውን የግል ነገር ሁሉ እዘጋለሁ፣ ጂኦጀብራን ብቻ ከፍቼ እተዋለሁ፣ ከዚያ Duplicate እላለሁ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ ቀይራችሁ ኋላ መዝጋት ማለት የምትዘጉትን ሁሉ ለተማሪው እያሳያችሁ መዝጋት ነው።

በኤክስቴንድ ላይ እያላችሁ PDF ማሳየት ቢያስፈልግስ? የድሮ ፈተና ከፍታችሁ እያብራራችሁ ነው፣ ተማሪው ግን እርስ በርሱ ይተያያል። ፈተናው የተከፈተው ላፕቶፑ ላይ ነውና ግድግዳው ላይ ያለው የዴስክቶፕ ሥዕል ብቻ ነው። ፋይሉ ፊት ለፊታችሁ እንዳለ የዊንዶውስ ቁልፉን እና Shift ን አብራችሁ ይዛችሁ የቀኝ ቀስት ቁልፍ ተጫኑ። ፋይሉ ዘሎ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በግራ ቀስት ደግሞ ይመለሳል።

ሌላው ልዩነት የምስሉ ጥራት ነው። በክፍሎቻችን ካሉት ፕሮጀክተሮች የቆዩት 1024 በ 768 ነጥብ ያላቸው፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጉ ናቸው። የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ደግሞ 1366 በ 768 ነው፣ ሰፋ ይላል። ዱፕሊኬት ስትሉ ሁለቱ አንድ ልክ መያዝ ስላለባቸው አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ ወደ 1024 ይወርዳል። የላፕቶፑ ምስል ወደ ጎን ይለጠጣል ወይም ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በኤክስቴንድ ግን እያንዳንዱ የራሱን ልክ ይይዛል። ግድግዳው ላይ ያለው ምስል መዛባቱን ለማወቅ አንድ ክብ ያለበት ስላይድ ክፈቱ፤ ክቡ እንቁላል ከመሰለ ልኩ ትክክል አይደለም፣ እዚያው Display ውስጥ የፕሮጀክተሩን ሳጥን መርጣችሁ በ Display resolution አስተካክሉት።

ሁለቱም መንገዶች የማይፈቱት ነገር ግን አለ። ሰፊው የ 16:9 ስላይድ በዚህ ፕሮጀክተር ላይ ወርዱን ሲሞላ ቁመቱ 576 ነጥብ ብቻ ይሆናል። ከ 768ቱ ሩቡ ከላይና ከታች በጥቁር ባከነ ማለት ነው። በእኛ ቱቶሪያል እህቶች የሚቀመጡት ከኋላ ስለሆነ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የክፍሉን ፕሮጀክተር ቀድማችሁ ካወቃችሁት Design ውስጥ ከ Slide Size ላይ Standard (4:3) መርጣችሁ ስላይዱን ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ሥሩት። ከሠራችሁ በኋላ መቀየር ጽሑፉን ያዘበራርቀዋል።

ስትጨርሱም አንድ ነገር ያጋጥማል። ፕሮጀክተሩ በሪሞት ይጠፋል፣ ኬብሉ ግን እንደተሰካ ነው። ላፕቶፑ ሁለተኛው ጠረጴዛ አሁንም ያለ ሊመስለው ይችላል፣ ስለዚህ የምትከፍቱት ፋይል እዚያ ሄዶ አይታያችሁም። ፋይሉ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ኬብሉን ንቀሉ፣ ወይም የዊንዶውስ ቁልፉን ከ P ጋር ተጭናችሁ PC screen only በሉት፣ ሁሉም ወደ ላፕቶፑ ይመለሳል። ቴሌግራምን መልሳችሁ የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።