በእጅ የተጻፉ የመዝገብ ካርዶችን ለሚገለብጡ በጎ ፈቃደኞች የሚሆን አጭር መመሪያ፦ አጠራጣሪና አኅጽሮተ ቃላት እንዴት ይመዝገቡ?

«ወ/ማርያም» የሚል ስም በካርድ ላይ የሚያገኝ በጎ ፈቃደኛ ብዙውን ጊዜ ሳያመነታ «ወልደ ማርያም» ብሎ ይጽፋል። «ወለተ ማርያም» የሚለው የሴት ስም በዚያው አኅጽሮት እንደሚጻፍ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ እጁ ይቀድመዋል። በዚህ ዓይነት ንባብ መሬት የነበራት ሴት በኮምፒዩተር ሰንጠረዡ ውስጥ ወንድ ሆና ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ በከፋ የሴቶችን ይዞታ የሚያጠና ሰው ፈጽሞ አያገኛትም። ስሕተቱ ከንባብ ችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። ገልባጩ ካርዱ የሚያሳየውንና ራሱ የሚያውቀውን በአንድ ቦታ ቀላቅሎ ስለጻፈው የመጣ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለቦንጋና ለአካባቢው ካርዶች ያዘጋጀሁትን የአንድ ገጽ መመሪያ ምክንያቱን ጨምሮ ያቀርባል። መመሪያው የቆመው ሰንጠረዡን በሦስት ዓምድ በመክፈል ላይ ነው። የመጀመሪያው «እንደ ካርዱ» ይባላል፤ በካርዱ ላይ ያለው ፊደል፣ ነጥብና እዝባር ሳይነካ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው «ፍታት» ነው፤ አኅጽሮቱ የሚፈታው እዚያ ብቻ ነው። ሦስተኛው «ማስታወሻ» ሲሆን ገልባጩ ከካርዱ ውጭ የሚያውቀው ነገር ሁሉ የሚሰፍርበት ነው። የድንጋይ ጽሑፍና የፓፒረስ አጥኚዎች በ1931 እ.ኤ.አ. በላይደን ከተማ በተስማሙበት ሥርዐት አኅጽሮትን በክብ ቅንፍ ይፈታሉ፤ የጠፋውን በማዕዘን ቅንፍ ይሞላሉ፤ የሚያጠራጥረውን ፊደል ከሥሩ ነጥብ ያደርጉበታል። የሥር ነጥብ በግእዝ ፊደል ገበታ ለመጻፍ ስለሚያስቸግር በእርሱ ፋንታ ከፊደሉ ቀጥሎ [?] እንዲገባ አድርጌአለሁ። ፊደሉ ፈጽሞ የማይነበብ ከሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ነጥብ በማዕዘን ቅንፍ ይገባል፤ ስንት ፊደል እንደሆነ መቁጠር ካልተቻለ [ያልተነበበ] ተብሎ ይታለፋል።

ሥርዐቱ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል ለማሳየት ለልምምድ ያዘጋጀሁትን አንድ ካርድ እንመልከት። ካርዱ የማንም እውነተኛ ሰው መዝገብ አይደለም፤ ነገር ግን በካርዶች ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችን ሆነ ብዬ ሰብስቤበታለሁ።

ከ/ጠ/ግ   ጌሻ ወ/ዳ
ወ/ማርያም ኮ[.]ቶ
2 ጋ[?]ሻ   ግብር ከፍለዋል
ግን. 7 ቀን 52 ዓ.ም.

የመጀመሪያው መሥመር ቀላል ነው። «ከ/ጠ/ግ» በፍታት ዓምድ «ከ(ፋ) ጠ(ቅላይ) ግ(ዛት)» ይሆናል፤ «ወ/ዳ» ደግሞ «ወ(ረ)ዳ»። ከቅንፍ ውጭ ያለው የጸሐፊው፣ ከቅንፍ ውስጥ ያለው የገልባጩ መሆኑ በአንድ እይታ ይለያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ከፋ ጠቅላይ ግዛት የዛሬው ከፋ ዞን አለመሆኑ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ መዲና ጅማ ነበረች፤ ስለዚህ ገልባጩ «ከፋ ዞን» ብሎ ቢያዘምነው ካርዱን ከነበረበት አስተዳደር ያፈናቅለዋል።

ወደ ስሙ ስንመጣ «ወ/» የወልደ ወይም የወለተ መሆኑን የሚወስን ማስረጃ በካርዱ ላይ መፈለግ አለበት። ከስሙ በፊት «አቶ» ወይም «ወ/ሮ» ቢኖር ነገሩ ባለቀ ነበር፤ እዚህ ግን የለም። ሁለተኛው ማስረጃ ግሡ ነው። «ከፍሏል» ቢል ወንድ፣ «ከፍላለች» ቢል ሴት መሆኑ ይታወቃል፤ ካርዱ የሚለው ግን «ከፍለዋል» ነው። የአክብሮት አነጋገር ጾታን ስለሚሰውር ከዚህ ምንም አናገኝም። ስለዚህ በፍታት ዓምድ «ወ(ልደ) ወይም ወ(ለተ) ማርያም» ተብሎ ይገባል፤ የጾታ ዓምድ ካለም «አልታወቀም» ይባላል። ብዙ ገልባጮች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። ሆኖም ሌላ አጥኚ የዚያኑ ሰው ሁለተኛ ካርድ «ወ/ሮ» ተብሎ ተጽፎ ሲያገኝ ሁለቱን ማገናኘት የሚችለው የመጀመሪያው ገልባጭ በሩን ካልዘጋው ብቻ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በዛሬ አጻጻፍ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃ አንድ ድምፅ ስላላቸው ብዙዎቻችን በአንዱ እንተካቸዋለን። በካርድ ላይ ግን ይህ ማስረጃ ማጥፋት ነው። «ኃ/ማርያም» ኃይለ ማርያም መሆኑ እጅግ የሚቀርብ ነው፤ «ሀ/ማርያም» ግን ሀብተ ማርያምም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ሞክሼ ፊደላትን አጥብቆ የሚለይ ሰው መሆን አለመሆኑ ከሌሎች ካርዶቹ ሊታወቅ ይችላል፤ ገልባጩ ሁሉንም «ሀ» ካደረገው ግን ይህን መመርመር አይቻልም። «ተ/»ም እንዲሁ ተክለ ወይም ተስፋ ሊሆን ስለሚችል በልማድ አይፈታም።

«ኮ[.]ቶ» የተባለው የአባት ስም ሌላ ፈተና ያመጣል። የቦንጋ ተወላጅ የሆነ በጎ ፈቃደኛ «ኮቺቶ» ነው ብሎ ለመሙላት ይቸኩላል፤ ምናልባትም ልክ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ገልባጭ ስሙን ስለማያውቀው ነጥቡን ነጥብ አድርጎ ይተወዋል። እንግዲህ ብዙ የሚያውቀው ሰው ብዙ የመሙላት አደጋ አለበት ማለት ነው። መፍትሔው ዕውቀቱን መከልከል ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው፤ «ኮቺቶ ሊሆን ይችላል» የሚለው በማስታወሻ ዓምድ ይገባል። የካፊ ኖኖ ስሞች በአማርኛ ጸሐፊ እጅ ሲጻፉ የአናባቢ ርዝመትና የተናባቢ ጥብቀት በፊደሉ ላይ ስለማይታይ፣ አንድ ስም በተለያዩ ካርዶች ላይ በተለያየ መልክ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የወረዳውም ስም አንዴ ጊምቦ፣ አንዴ ግምቦ ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ወደ አንድ መልክ ማምጣት በኋላ የአርታዒው ሥራ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሦስተኛው መሥመር ላይ ነው። «ጋሻ» የመሬት መለኪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። «ጌሻ» ደግሞ በዚሁ ካርድ አናት ላይ እንደምናየው የቦታ ስም ነው። በፈጠነ እጅ ጽሑፍ ሁለቱን የሚለየው ከፊደሉ እግር ሥር ያለች ትንሽ ቀለበት መኖር ወይም አለመኖር ብቻ ነው፤ ቀለም ሲፈስ ቀለበቷ ትደፈናለች። እዚህ ከፊቱ «2» ስላለ መለኪያ መሆኑ ያመዝናል፤ ሆኖም ይህ የዐውድ ማስረጃ እንጂ የዓይን ማስረጃ ስላልሆነ [?] ይቀመጥና ምክንያቱ በማስታወሻ ይጻፋል። ዓይንን ለመርዳት የሚበጀው የጸሐፊውን እጅ ቀድሞ ማጥናት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዚያው እጅ ከተጻፉ አሥር ያህል ካርዶች ላይ አጠራጣሪ ጥንዶችን፣ ማለትም ጋና ጌን፣ ለና ሰን፣ ቀና ተን፣ ነና ኘን፣ ያለ ጥርጥር ከሚታወቁ ቃላት እየለቀሙ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መሳል ነው። በኋላ አጠራጣሪ ፊደል ሲያጋጥም ከዚያ ወረቀት ጋር ይነጻጸራል። እኔ ራሴ ይህን ወረቀት ሳላዘጋጅ በጀመርኩበት ሰሞን የገለበጥሁትን ሁሉ እንደገና ለመሥራት ተገድጃለሁ።

የጌሻ ነገር ከተነሣ አንድ ታሪክ መጥቀስ ይገባል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ፣ የተሰበሰበ የቡና ዘር ወደ ኬንያ ከዚያም ወደ ታንዛኒያ ሄደ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ኮስታ ሪካ በሚገኘው የቱሪያልባ የምርምር ማዕከል «ቲ 2722» በሚል ቁጥር ተመዘገበ። በጉዞው ላይ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዲት ትርፍ «አይ» መካከሉ ገባችና የጃፓን ሴት አጫዋቾች መጠሪያ የሆነውን «ጌይሻ» መሰለ። በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ላይ በውድድር ሲያሸንፍ በዓለም የታወቀው በዚያው ስም ነው። ታዲያ «ጌይሻ» የሚል አሮጌ ካርድ ያገኘ ገልባጭ ቢያርመው ይበጃልን? አይበጅም። ስሕተቱ ራሱ ካርዱ ከየትኛው የጉዞ ደረጃ በኋላ እንደተጻፈ ሊጠቁም ይችላል። በተጨማሪም ጌሻ የሚባል ስፍራ በደቡብ ምዕራብ ከአንድ በላይ ስለሆነ፣ የቡናውን ጌሻ የከፋው ጌሻ ወረዳ ነው ብሎ ማስታወሻ ሳይጽፉ ማያያዝ አዲስ ስሕተት መጨመር ነው።

የቀኑ መሥመር «ግን(ቦት) 7 ቀን (19)52 ዓ(መተ) ም(ሕረት)» ተብሎ ይፈታል። «19» የሚለው የገልባጩ ግምት ቢሆንም ካርዱ «ጠቅላይ ግዛት» በሚል መዋቅር መጻፉ ይደግፈዋል። ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መለወጥ ግን የገልባጩ ሥራ አይደለም፤ ቀኑ ሜይ 15 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ተብሎ ከተተካ ካርዱን ከሌሎች ጋር ማነጻጸር ይከብዳል። በግእዝ አኃዝ የተጻፈ ቁጥርም በግእዝ አኃዝ ይገባል፤ «፲፱፻፶፪» በመጀመሪያው ዓምድ እንዳለ ይቀመጥና «1952» በፍታት ይሰፍራል። ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚያሳስተው «እ.ኤ.አ.» እና «እ.ኢ.አ.» ነው። አንዱ የአውሮፓውያን፣ ሌላው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የሚለያቸው እንደ ጋና ጌ ሁሉ ከፊደሉ ጎን ያለች ቀለበት ናት። ቀለበቷ ከተሳሳተች ዘመኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛነፋል፤ ከዚያም ግብሩ ገና ባልተወለደ ሰው ስም የተከፈለ ሊመስል ይችላል።

እያንዳንዱ ካርድ ሁለት ጊዜ፣ እርስ በርስ ሥራቸውን በማያዩ ሁለት ሰዎች ይገለበጣል። ሦስተኛው ሰው «እንደ ካርዱ» የሚለውን ዓምድ ብቻ ያነጻጽራል፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ድምፅ አይቈጠርም፤ ሁለቱም ንባቦች በማስታወሻ ተጽፈው በዋናው ዓምድ [?] ይቀመጣል። ሁለቱ ገልባጮች ተስማምተው ሳለ በጋራ የሚሳሳቱበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ሁለቱም «ወ/»ን በልማድ ሲፈቱ። ይህን የማነጻጸሪያው ሥራ አይይዘውም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ሰው ከስምምነታቸው መካከል ማስታወሻ የሌላቸውን የስም ፍታቶች ለይቶ ካርዱን ራሱ እንደገና ያያል።