ስለ ኮሌራ፤ ከሰውነት የፈሰሰው ውኃ በልክ ስለ መመለሱና ሌላ መድኃኒት ስለሚጨመርበት ጊዜ

ኮሌራ የሚባለው በሽታ በዓይን ከማይታይ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው። ተሐዋሲው በተበከለ ውኃና ምግብ ወደ አንጀት ይገባና መርዝ ያፈልቃል፤ በመርዙም ምክንያት አንጀት የሰውነትን ውኃና ጨው ወደ ውጭ ያፈሳል። ሰገራው ሩዝ የታጠበበት ውኃ ይመስላል። በሽታው እጅግ ሲጸና አንድ ጎልማሳ በአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላልና ጧት ጤነኛ የነበረው ማታ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ ሕመምተኛውን ቶሎ የሚገድለው የውኃውና የጨው መጉደል ነው፤ ሕክምናውም ሁሉ በዚህ ነገር ላይ ይመሠረታል።

ብዙ ሰዎች «የጠጣው ሁሉ ይወጣልና አትስጡት» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱንም መረዳት ያስፈልጋል። ንጹሕ ውኃ ብቻውን ቢጠጣ፣ በታመመው አንጀት በኩል የሚገባው ጥቂት ነው፤ የጎደለውንም ጨው አይመልስም። ነገር ግን ጨውና ስኳር በልክ ተቀላቅለው ሲመጡ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሰውነት ይገባሉ፤ ውኃውም ይከተላቸዋል። መርዙ ይህን መንገድ አይዘጋውም።

ይህም በ1963 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1971) በሕንድ አገር፣ በቦንጋዎን በሰፈሩ የቤንጋል ስደተኞች መካከል ተፈትኖአል። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ስላነሰ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በአንድ ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3 ግራም ተኩል ጨውና 2 ግራም ተኩል ሶዳ እየበጠበጡ በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። ጽዋውን ይዘው ያጠጡ የነበሩት የሕመምተኞቹ ዘመዶች ነበሩ። በፊት ከ100 ሕመምተኛ 30 ያህል ይሞት የነበረው ከ4 በታች ሆነ።

ዛሬ ተመጥኖ በከረጢት የሚመጣው ዱቄት (ኦ.አር.ኤስ.) በዚያው መሠረት የተሠራ ነው። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ ልክ ማንበብ ይገባል፤ የአንድ ሊትሩን ከረጢት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ መበጥበጥ ጨውን አብዝቶ ይጎዳልና። የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ዱቄቱ ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ ይጨመራል። ሲቀመስ ከእንባ ይልቅ ጨው የበዛበት ከሆነ ይደፋና እንደ ገና ይሠራል።

ለምሳሌ፣ ክብደቱ 50 ኪሎ የሆነ አንድ ገበሬ ሌሊቱን ተቅማጥ ሲያጣድፈው አድሮ ንጋት ላይ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ «ውኃ ውኃ» እያለ ተገኘ እንበል። የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ለያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊሊትር ይታሰብለታል፤ ይኸውም ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ነው፤ በ4 ሰዓት ውስጥ ይጠጣዋል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ይቆዩና በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥላሉ። ከ4 ሰዓት በኋላ እንደ ገና ይመረመራል፤ ከዚያም በተቀመጠ ቁጥር ቢያንስ አንድ ብርጭቆ ይጨመርለታል። ሽንቱ ከተመለሰ መዳን ጀምሮአል።

ነገር ግን ሰውዬው ቢፈዝ፣ መጠጣት ቢያቅተው ወይም የእጁ ትርታ ቢጠፋ፣ በአፍ የሚሰጠው አይበቃውም። ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ መዋጥ ከቻለ በመንገድም እያጎነጩ ይሂዱ። እዚያ በደም ሥሩ 5 ሊትር ይገባለታል፤ አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ የቀረው በሚከተለው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይህም የ50 ኪሎው ሰው ልክ ነው፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን በዝግታ ይሰጠዋል።

ተሐዋሲን የሚገድለው መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ የሚባለው፣ ከውኃው በኋላ የሚመጣ ረዳት ነው። ውኃው እጅግ ለጎደለበት፣ ወይም ብዙ እየጠጣ ተቅማጡ ለማይገታለት፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ሌላ ደዌ ላለበትም ይጨመራል። ማስመለሱ ሲቆም ለጎልማሳ 300 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ተሐዋሲው ይህን መድኃኒት የለመደ ከሆነ ሐኪሙ አዚትሮማይሲን ይመርጣል። መድኃኒቱ የተቅማጡን ዘመን ወደ ግማሽ ያሳጥረዋል፤ የጎደለውን ውኃ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አይመልስም። ለቀላል ሕመም፣ ወይም ላልታመሙት የመንደሩ ሰዎች ሁሉ ቢታደል ግን ተሐዋሲው መድኃኒቱን ይለምደዋልና በጸናው ቀን አይረዳም።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከለከል፤ ምግብም ሕመምተኛው መብላት እንደ ቻለ ይሰጠው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉት ሕፃናት ጤና ጣቢያው በየቀኑ 20 ሚሊግራም ዚንክ ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል።