ልብ የሚመስለው ጥምዝ ስፋቱ ስንት ነው?

ሁለት እኩል ሳንቲሞች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስነክተን እናስቀምጥ። አንደኛውን በጣታችን ተጭነን ሁለተኛውን ሳናንሸራትት በዙሪያው እናንከባለው። በሚንከባለለው ሳንቲም ጠርዝ ላይ፣ መጀመሪያ ሁለቱ በተነካኩበት ቦታ፣ አንዲት የቀለም ነጥብ ብናደርግ፣ ነጥቧ አንድ ዙር እስክትጨርስ ድረስ የምትሄድበት መንገድ ልብ የሚመስል ጥምዝ መስመር ይሆናል። በአንድ በኩል ወደ ውስጥ የሰረጎደ ሹል ጫፍ አለው፤ በሌላው በኩል ክብ ሆኖ ይነፋል። ይህ ጥምዝ ካርዲዮይድ ይባላል። ስሙን በ1741 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣለት ኢጣሊያዊው የሒሳብ ሊቅ ካስቲዮን ሲሆን፣ ቃሉ የመጣው በግሪክኛ ልብ ማለት ከሆነው «ካርዲያ» ነው።

የካልኩለስን ትምህርት የጀመርን ሁሉ የዚህን ጥምዝ ስፋት ፈልጉ የሚል ጥያቄ ያጋጥመናል። መልሱን የሚሰጠው ፎርሙላ በአንድ መስመር የሚያልቅ ስለ ሆነ በቃል መያዙ አያስቸግርም። ነገር ግን በፎርሙላው ውስጥ ያለው ግማሽ ከየት እንደ መጣ፣ ርቀቱስ ስለምን በራሱ እንደሚባዛ ያልተረዳ ሰው፣ ጥምዙ ትንሽ ሲለወጥበት የተሳሳተ መልስ አግኝቶ ትክክል ነው ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

1. ጥምዙን በቁጥር መጻፍ

በፖላር ኮኦርዲኔት አንድ ነጥብ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ከመነሻው ነጥብ ባለው ርቀት r እና ከመነሻው መስመር ጋር በሚሠራው ማዕዘን θ ነው። ከመነሻው ነጥብ ላይ ተተክሎ እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሚዞር ክንድ እናስብ። ክንዱ ሲዞር ርዝመቱ በየማዕዘኑ ይለዋወጣል፤ ጫፉም ጥምዙን ይሥላል።

መነሻውን ነጥብ በካርዲዮይዱ ሹል ጫፍ ላይ ብናደርገው የክንዱ ርዝመት

r = a(1 + cos θ)

ይሆናል። a የአንዱ ሳንቲም ዲያሜትር ነው። ማዕዘኑ 0 ዲግሪ ሲሆን ክንዱ 2a ይረዝማል፤ በ60 ዲግሪ 1.5a፣ በ90 ዲግሪ a፣ በ120 ዲግሪ 0.5a ይሆንና በ180 ዲግሪ ጨርሶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በታችኛው በኩል እንደ ገና እያደገ ሄዶ በ360 ዲግሪ ወደ 2a ይመለሳል። የታችኛው ግማሽ የላይኛው መልክ ስለ ሆነ አንዱን ለክቶ በሁለት ማባዛት ይበቃል።

2. ግማሹ ከየት መጣ?

በተለመደው የ x እና የ y ሥዕል ስፋትን ስንፈልግ ሥፍራውን በቀጫጭን ቋሚ አራት ማዕዘኖች እንከፍላለን፤ ቁመቱን በወርዱ አባዝተን እንደምራለን። ይህን ልማድ ይዞ ወደ ፖላር የሚመጣ ሰው፣ በ y ፈንታ r፣ በ x ፈንታ θ አግብቶ r dθ ን ሊደምር ይቃጣዋል። ለካርዲዮይዱ ይህ ድምር ከ0 እስከ 2π ሲወሰድ 2πa ይሆናል። ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል፤ a በሴንቲሜትር ቢለካ ማዕዘን መለኪያ የሌለው ቁጥር ስለ ሆነ፣ መልሱ በሴንቲሜትር እንጂ በካሬ ሴንቲሜትር አይወጣም። የተገኘው ርዝመት እንጂ ስፋት አይደለም።

የሚዞረው ክንድ በአንዲት ትንሽ ማዕዘን Δθ ሲንቀሳቀስ ጠርጎ የሚያልፈው ሥፍራ አራት ማዕዘን አይደለም። እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ በመነሻው ነጥብ በኩል ሹል፣ በዳር በኩል ሰፊ ነው። የሙሉ ክብ ስፋት πr² ሲሆን ቁራሹ ከሙሉው ዙር Δθ/2π ያህሉን ብቻ ስለሚይዝ ስፋቱ

πr² × Δθ/2π = ½ r² Δθ

ነው። በሌላ አነጋገር ቁራሹ ቁመቱ r፣ መሠረቱም r Δθ የሆነ ቀጭን ሦስት ማዕዘን ነው ማለት ይቻላል፤ ግማሹም የሦስት ማዕዘኑ ግማሽ ነው። r ሁለት ጊዜ የሚባዛው አንድ ጊዜ ስለ ቁመቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ መሠረቱ ነው። መሠረቱ r Δθ የሚሆነው ማዕዘኑ በራዲያን ሲለካ ብቻ ስለ ሆነ፣ በዲግሪ የሚቆጥር ሰው ይህን ፎርሙላ እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም።

3. በእጅ መቁጠር

ወደ ኢንተግራል ከመሄዳችን በፊት የላይኛውን ግማሽ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ በሆኑ ስድስት ቁራሾች እንክፈለውና የእያንዳንዱን ክንድ በቁራሹ መካከል እንለካ። መካከለኞቹ ማዕዘኖች 15፣ 45፣ 75፣ 105፣ 135 እና 165 ዲግሪ ናቸው። a አንድ ቢሆን r² በየተራ 3.865፣ 2.914፣ 1.585፣ 0.549፣ 0.086 እና 0.001 ይሆናል። ሲደመሩ 9 ናቸው። 30 ዲግሪ በራዲያን π/6 ስለ ሆነ የግማሹ ስፋት ½ × 9 × π/6፣ ማለትም 3π/4 ነው። ሁለቱም ግማሾች አንድ ላይ 3π/2 ይሆናሉ።

ከእነዚህ ስድስት ቁጥሮች ሌላም ነገር ይታያል። ከመነሻው መስመር አጠገብ ያሉት ሁለት ቁራሾች ብቻ ከ9 ውስጥ 6.779 ይዘዋል፤ ከሹሉ ጫፍ በኩል ያሉት ሁለቱ ግን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞሉም። የክንዱ አማካይ ርዝመት a ነው፤ ሆኖም የካርዲዮይዱ ስፋት ራዲየሱ a ከሆነ ክብ ስፋት ጋር አይተካከልም፤ በግማሽ ይበልጠዋል። ምክንያቱም ክንዱ ሲረዝም የሚያተርፈው፣ ሲያጥር ከሚያጎድለው ይበልጣል። ክንዱ 1.5 ሲሆን r² 2.25 ነው፤ 0.5 ሲሆን 0.25 ነው። የሁለቱ ክንዶች አማካይ 1 ሲሆን የ r² አማካይ ግን 1.25 ነው።

4. በኢንተግራል

አሁን ቁራሾቹን እያቀጠንን እስከ መጨረሻው ብንሄድ ድምሩ እንዲህ ይጻፋል።

A = ½ ∫ a²(1 + cos θ)² dθ፣ ከ0 እስከ 2π

ቅንፉን ስንፈታ 1 + 2cos θ + cos²θ እናገኛለን። የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ ዙር 2π ይሰጣል። ሁለተኛው ክፍል ግማሹን ዙር የጨመረውን ግማሹን ዙር ስለሚቀንስ 0 ይሆናል። ሦስተኛውን cos²θ = ½(1 + cos 2θ) ብለን ብንለውጠው π ይወጣል። ስለዚህ

A = ½ a²(2π + 0 + π) = 3πa²/2

ነው። ከላይ በስድስት ቁራሾች ያገኘነው ይኸው ራሱ ነው። እንዲህ ልክ ለልክ የመጣው ኮሳይኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለ ተጣፉና የካሬዎቻቸው አማካይ በትክክል ግማሽ ስለ ሆነ ነው፤ በማንኛውም ጥምዝ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይጠበቅም።

ወደ ሳንቲሞቹ እንመለስ። ዲያሜትራቸው 2 ሴንቲሜትር ቢሆን a = 2 ስለሚሆን ስፋቱ 6π፣ ማለት 18.85 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። የአንዱ ሳንቲም ፊት π ካሬ ሴንቲሜትር ነው። እንግዲህ ካርዲዮይዱ የሳንቲሙን ስድስት እጥፍ ይሸፍናል። የሚጠራጠር ቢኖር ጥምዙን በካሬ ወረቀት ላይ ሥሎ በውስጡ የሚገቡትን ባለ አንድ ሴንቲሜትር ካሬዎች ቢቆጥር 19 የሚጠጋ ያገኛል።

5. ፎርሙላው የሚያታልልበት ቦታ

እስካሁን ሁሉም ነገር ቀና ነበር። አሁን ግን አንድ ቁጥር ብቻ እንለውጥና r = 1 + 2cos θ የሚለውን ጥምዝ እንውሰድ። ይህ ጥምዝ ሊማሶን ከሚባሉት ቤተሰብ ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ቀንድ አውጣ ማለት ነው። ፎርሙላውን ሳናመነታ ከ0 እስከ 2π ብንሠራበት ½(2π + 4π)፣ ማለት 3π ወይም 9.42 ያህል ይወጣል። አሠራሩ ላይ እንከን አይታይም፤ የተገኘው ቁጥር ግን የምንም ሥፍራ ስፋት አይደለም።

ችግሩ ያለው ከ120 እስከ 240 ዲግሪ ድረስ ነው። በዚያ መካከል cos θ ከ −½ ስለሚያንስ r ከዜሮ በታች ይወርዳል። ርቀት ከዜሮ በታች ሲሆን ነጥቡ የሚቀመጠው ክንዱ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ጥምዙ ወደ ኋላ ተመልሶ በትልቁ ዙር ውስጥ አንድ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ፎርሙላው ግን r ን በራሱ ስለሚያባዛ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል፤ ትንሹም ቀለበት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ በትልቁ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ለብቻው።

ትክክለኛው መንገድ ወሰኖቹን መለየት ነው። ከ120 እስከ 240 ዲግሪ ብቻ ብንደምር ትንሹ ቀለበት π − 3√3/2፣ ማለት 0.54 ያህል ይሆናል። ከ −120 እስከ 120 ዲግሪ ብንደምር ደግሞ የውጪው ዙር በውስጡ ያለውን ሁሉ ይዞ 2π + 3√3/2፣ ማለት 8.88 ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ያ የተሳሳተው 9.42 ይመጣል። በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለውን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ አንዱን ከሌላው ቀንሶ 8.34 ያህል ያገኛል።

ስለዚህ ከኢንተግራሉ በፊት r = 0 የሚሆንባቸውን ማዕዘኖች መፈለግና በመካከላቸው የ r ን ምልክት መመርመር ያስፈልጋል። ካርዲዮይዱ በዚህ ፈተና ያልፋል፤ በ180 ዲግሪ ዜሮን ነክቶ ይመለሳል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም። r = p + q cos θ በሚለው ቤተሰብ ውስጥ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ከዜሮ በላይ ሲሆኑ፣ q ከ p ቢበልጥ ቀለበት ይፈጠራል፤ ቢያንስ አይፈጠርም፤ ካርዲዮይዱ እኩል የሚሆኑበት ድንበሩ ነው። ሌላው ምሳሌ r = 2a cos θ የሚባለው ክብ ነው። ራዲየሱ a ስለ ሆነ ስፋቱ πa² መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከ0 እስከ 2π ቢደመር ግን 2πa² ይወጣል፤ ምክንያቱም ክንዱ በአንድ ዙር ክቡን ሁለት ጊዜ ይሥለዋል።

6. ለመሞከር ያህል

በ r = 3cos θ ክብ ውስጥ ሆኖ ከ r = 1 + cos θ ካርዲዮይድ ውጪ የሚቀረው ሥፍራ ስፋቱ ስንት ነው? መጀመሪያ ሁለቱን እኩል አድርጎ የሚገናኙበትን ማዕዘን መፈለግ ነው፤ cos θ = ½ ስለሚሆን ወሰኖቹ −60 እና 60 ዲግሪ ናቸው። ከዚያ የክቡን r² እና የካርዲዮይዱን r² ለየብቻ አባዝቶ ልዩነታቸውን መደመር ነው። የሁለቱን ክንዶች ልዩነት መጀመሪያ ወስዶ በራሱ ያባዛ ሰው አይደርስበትም፤ ቁራሹ ከመነሻው ነጥብ የሚጀምር እንጂ በመካከል ተንጠልጥሎ የሚቀር አይደለምና። በትክክል የሠራ π ያገኛል፤ √3 ያለባቸው ክፍሎች ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ።