የስም ካርድ አዘገጃጀትና የመግቢያ ጠረጴዛ

240 መምህራን ለክረምት ሥልጠና ወደ ተቋማችን ይመጣሉ እንበል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ካርዳቸውን ተቀብለው አዳራሽ መግባት አለባቸው። ካርዱ ተደበላልቆ ተቀባዩ ለአንድ ሰው 40 ሴኮንድ ቢፈልግ፣ ሦስት ጠረጴዛ ተዘርግቶም ሥራው 53 ደቂቃ ይፈጃል። በፊደል ተራ ተደርድሮ 15 ሴኮንድ ከበቃ ግን በ20 ደቂቃ ያልቃል። እንግዲህ ዋናው ሥራ የሚያልቀው በዋዜማው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ነው።

ችግሩ ያለው ፊደላችን ላይ ነው። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ብዙ ስለሆነ አንዱ «ሀይሉ»፣ አንዱ «ሐይሉ»፣ ሌላው «ኃይሉ» ይላል። በተራው ሀ መጀመሪያ ነው፤ ሐ ከለ ቀጥሎ፣ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ ይመጣል። ሦስቱ ኃይሉዎች ሦስት ቦታ ይበተናሉ፤ ተቀባዩ አንዱን ቦታ አይቶ «ስምዎ የለም» ይላል። አ እና ዐም እንደዚሁ ይራራቃሉ። ጸ እና ፀ ጎን ለጎን ስለሆኑ ብዙ አያስቸግሩም።

መፍትሔው ዝርዝሩ ላይ «መደርደሪያ» የሚባል አንድ ዓምድ መጨመር ነው። እዚያ ሁሉም በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ብቻ ይጻፍና ዝርዝሩ በእሱ ይደረደራል። ካርዱ ላይ የሚታተመው ግን ባለቤቱ የጻፈው ስም ነው፤ የሰው ስም እኮ አይታረምም! «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «መ/ር» የሚሉትም ከስሙ ዓምድ ይውጡ፤ አለዚያ ግማሹ ሰው መ ውስጥ ይከማቻል። ሁሉንም ከማተም በፊት በዝርዝሩ ውስጥ ረጅሙን ስም አትሞ ማየት ይበጃል። እሱ ካርዱ ላይ ከገባ ሌላው ሁሉ ይገባል።

ጠረጴዛ ሲከፈል ፊደል ሳይሆን ሰው ይቆጠር። 240 ለሦስት 80 ነው። 80ኛው ስም በ መካከል ላይ ቢወድቅ፣ በ እስኪያልቅ ይገፋል፤ 84 ሆነ እንበል። 160ኛው ስም አ ማለቂያ ላይ ከወደቀ፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ ከተ እስከ አ 76 ሰው፣ ሦስተኛው ከከ እስከ ፈ 80 ሰው ይይዛል። ምልክቱ ከሰው ራስ በላይ ይሰቀል። ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከፊት ለቆመው ብቻ ነው የሚታየው፤ ከኋላ ያለው ተራው ደርሶ «እርስዎ በዚያኛው ነው» ይባላል።

ስሙ የጠፋ ሰውስ? በዚያው ጠረጴዛ አይስተናገድ። የእሱ ጉዳይ 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በ15 ሴኮንድ ሒሳብ 20 ሰው ከኋላው ይቆማል። ራቅ ብሎ አራተኛ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ ባዶ ካርድ፣ ወፍራም እስክሪብቶና ሙሉው ዝርዝር እዚያ ይኑሩ። ተቀባዩ የመጀመሪያውን ቦታ አይቶ ካጣው፣ «ወደዚያ ይለፉ፣ ወንበርም አለ» ብሎ ቀጣዩን ይጥራ።